ዕቃው ገላን፣ ቼኩ ቦሌ፦ የሦስትዮሽ ማመሳከር በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከቃሊቲ አልፎ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካና መጋዘን ተደርድሯል። ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎም እንደዚያው ናቸው። የብዙዎቹ ፋይናንስ ክፍል ግን መሃል ከተማ ነው። ዕቃው ገላን ይራገፋል፣ ቼኩ ቦሌ ይፈረማል። ቼኩን የሚፈርመው ሰው ዕቃውን አያየውም። የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው።

የሦስትዮሽ ማመሳከር የሚባለው አሠራር ለዚህ ሰው የተበጀ ነው። ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው ግዢ ክፍል ያወጣው የግዢ ትዕዛዝ ነው፤ ምን፣ ስንት፣ በስንት ብር እንደታዘዘ ይናገራል። ሁለተኛው ስቶር የሚቆርጠው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ነው፤ በትክክል የገባውን ይናገራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 ነው፣ በግል ድርጅት ብዙ ጊዜ ጂአርኤን ይሉታል። ሦስተኛው አቅራቢው የሚያመጣው ኢንቮይስ ነው፤ አቅራቢው ይገባኛል የሚለውን ገንዘብ ይናገራል። ሦስቱ ከተናበቡ ይከፈላል። ካልተናበቡ ልዩነቱ እስኪፈታ ክፍያው ይቆያል።

ሲነገር ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ወረቀቶቹን ማስተያየት ሳይሆን፣ መሃል ያለው ወረቀት እውነት መሆኑ ነው። ይህን ለማየት አንድ የፌሮ ግዢ እንከተል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ።

ገላን ያለ አንድ የኮንክሪት ውጤቶች ማምረቻ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ፈልጓል እንበል። ግዢ ክፍሉ ፕሮፎርማ ሰበሰበ፣ አወዳደረ፣ ከዚያ ትዕዛዝ አወጣ፦ 6,400 ኪሎ፣ በኪሎ 120 ብር፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት። 6,400 ኪሎ የመጣው ከየትም አይደለም። ሳይት ላይ ሁሉም የሚያውቀው ስሌት አለ፤ የፌሮውን ውፍረት በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል። 144 ለ162 ሲካፈል በሜትር 0.889 ኪሎ ይሰጣል። አንድ በርጋ 12 ሜትር ስለሆነ 10.67 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 600 በርጋ 6,400 ኪሎ ይሆናል።

ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ ጭነት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሲመሽ ወይም ገና ሳይነጋ ነው። ስቶር ኪፐሩ ደክሟል። ሹፌሩ ይቸኩላል። ፌሮው ደግሞ መኪናው ላይ እንዲበቃ ከመሃሉ ታጥፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጫፍ የቆጠረ ሰው እያንዳንዱን በርጋ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ መቆጠር ያለበት እጥፋቱ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት የሚመጣው ፈተና አንድ ነው፦ የአቅራቢውን ማስረከቢያ ወረቀት አይቶ እዚያ ያለውን ቁጥር ወደ ገቢ ደረሰኙ መገልበጥ።

ይህ ከሆነ ማመሳከሩ ሞቷል። ሦስት ወረቀት ያለ ይመስላል እንጂ ያለው ሁለት ነው፤ ገቢ ደረሰኙ የአቅራቢው ቃል ቅጂ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ለስቶር የሚላከው የትዕዛዝ ኮፒ ላይ የዕቃው ዓይነትና መለኪያው ይኖራል፣ ብዛቱ ግን ይሸፈናል። ስቶር ኪፐሩ ቁጥር ለመጻፍ መቁጠር ወይም መመዘን ግድ ይሆንበታል። ከምክርና ከማስጠንቀቂያ ሁሉ ይህች ትንሽ ነገር የበለጠ እንደምትሠራ አምናለሁ።

በምሳሌያችን ስቶር ኪፐሩ ቆጠረ። 600 በርጋ ሞልቷል። እዚህ ላይ ቆሞ «600 በርጋ ባለ 12» ብሎ ቢጽፍ፣ ፋይናንስ ቁጥሩን በ10.67 አባዝቶ 6,400 ኪሎ ያገኝ ነበር፣ ክፍያውም ያልፍ ነበር። የታዘዘው ግን በኪሎ ነው። ስለዚህ መኪናው ወደ ሚዛን ሄደ። ከነጭነቱ 11,690 ኪሎ፣ ካራገፈ በኋላ ባዶው 5,680 ኪሎ። ልዩነቱ 6,010 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ በርጋ በአማካይ 10 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው፤ ፌሮው ቀጥኗል።

ባዶውን መኪና መመዘን የሚዘለል ሥራ ነው። «የመኪናው ክብደት ሊብሬው ላይ አለ» ይባላል። ግን ሊብሬው ላይ ያለው ክብደት ሰፖንዳ ከመቀየሩ፣ ተጨማሪ ጎማ ከመጫኑ በፊት ያለው ሊሆን ይችላል። መኪናው ከተጻፈው ከከበደ፣ ትርፉ ክብደት እንደ ፌሮ ይቆጠራል። ሁለቱ የሚዛን ወረቀቶች፣ የታርጋ ቁጥርና ሰዓት ያለባቸው፣ ከገቢ ደረሰኙ ጋር መያያዝ አለባቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኢንቮይሱ መጣ። 6,400 ኪሎ፣ በኪሎ 124 ብር፤ 793,600 ብር። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 119,040 ብር። ጠቅላላ 912,640 ብር። የሂሳብ ሠራተኛው ሦስቱን ወረቀት አስተያየ። ብዛቱ ከገቢ ደረሰኙ ጋር አይገጥምም፣ ዋጋው ከትዕዛዙ ጋር አይገጥምም። ሕጉ አጭር ነው፦ ብዛት ከስቶር፣ ዋጋ ከትዕዛዝ። 6,010 ኪሎ በ120 ብር 721,200 ብር ነው። ታክሱ 108,180 ብር። የሚከፈለው 829,380 ብር። ማመሳከሩ ባይኖር 83,260 ብር በከንቱ ይወጣ ነበር።

አቅራቢው ዝም አይልም። «600 በርጋ ቆጥራችሁ ተረክባችኋል» ይላል። ትዕዛዙ «6,400 ኪሎ፣ በገዢው ሚዛን» የሚል ከሆነ ክርክሩ አጭር ነው። «600 በርጋ» ብቻ የሚል ቢሆን ግን አቅራቢው በብዛቱ በኩል ትክክል ነው፤ የፌሮው መቅጠን የጥራት ጥያቄ ይሆናል፣ ሌላ ረጅም መንገድ። ስለ ዋጋው ደግሞ «ፕሮፎርማው ጊዜው አልፏል» ሊል ይችላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያኔም መልሱ ኢንቮይሱን ማሳለፍ አይደለም። ግዢውን ያጸደቀው ሰው ትዕዛዙን በጽሑፍ ያሻሽላል፣ ከዚያ እንደገና ይመሳከራል።

ገንዘቡን ቀንሶ መክፈል ብቻውን አይበቃም። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ታክስ 119,040 ነው፣ በትክክለኛው ሽያጭ የሚታሰበው 108,180። አቅራቢው የክሬዲት ማስታወሻ ማውጣት ወይም ደረሰኙን በሥርዓቱ ማስተካከል አለበት። ካልሆነ ገዢው በታክስ ማስታወቂያው ላይ ያልከፈለውን ታክስ ሊያቀናንስ ነው። ቅድመ ግብርም የሚታሰበው ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ስለሆነ፣ የተሳሳተው መሠረት እሱንም ያሳስታል። ስለዚህ ቼኩ የሚዘጋጀው ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ሌላው በአገራችን ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው ድርብ ክፍያ ነው። ብዙ አቅራቢ ለአንድ ሽያጭ ሁለት ወረቀት ይሰጣል፤ ከማሽን የወጣ ደረሰኝና በእጅ የተሞላ አታችመንት። ሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። አታችመንቱ ዛሬ ቢመጣ፣ የማሽኑ ደረሰኝ በሌላ ሰው እጅ በሚቀጥለው ወር ቢመጣ፣ በቁጥር ብቻ የሚፈልግ ሠራተኛ ሁለት የተለያየ ኢንቮይስ ያገኘ ይመስለዋል። የሚያድነው ገቢ ደረሰኙ ነው። አንድ ገቢ ደረሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈልበታል። ሲከፈል ማኅተም ይመታበታል፣ በኮምፒውተር ከሆነም ይዘጋል። ሁለተኛው ወረቀት ሲመጣ የሚገጥመው ክፍት ገቢ አያገኝም። አታችመንቱ ላይ የማሽኑ ኤፍኤስ ቁጥር መሞላቱንም ማየት ይገባል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው እሱ ነው።

ዕቃ ተከፋፍሎ ሲመጣም የሚታየው አንድ ገቢ ደረሰኝ ሳይሆን የትዕዛዙ ድምር ነው። በምሳሌያችን 390 ኪሎ ቀርቷል። ይመጣል ወይስ ይሰረዛል? ግዢ ክፍሉ መወሰን አለበት። ክፍት ከተተወ፣ ከወራት በኋላ ማንም ያላዘዘው ኢንቮይስ የሚገባበት ቀዳዳ ይሆናል።

ሚዛን ከሚዛን ትንሽ ይለያያልና ድርጅቶች የሚታለፍ ልዩነት ያስቀምጣሉ። ልኩ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ይሁን፣ እንደ ዕቃው ነው። አደጋው አቅራቢው ልኩን ሲያውቅ ነው። እውነተኛ የሚዛን ልዩነት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ነው። የአንድ አቅራቢ ጭነት ሁልጊዜ ከተፈቀደው ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚጎድል ከሆነ ጉድለቱ የሚዛን አይደለም። ይህን ለማየት በየሦስት ወሩ የአንዱን አቅራቢ ልዩነቶች በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ይበቃል።

ይህ አሠራር የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ፕሮፎርማዎቹ ሲሰበሰቡ አቅራቢዎቹ ተነጋግረው ዋጋ የሰቀሉ ከሆነ፣ ትዕዛዙ ራሱ የተበላሸ ነውና ሦስቱም ወረቀት ይገጥማል። ስቶር ኪፐሩና አቅራቢው ተስማምተው ላልገባ ዕቃ ገቢ ቢቆርጡም ይገጥማል። ለዚህ ነው የሚያዝ፣ የሚረከብና የሚከፍል ሰው የተለያየ እንዲሆን የሚፈለገው። ያም ሆኖ አራተኛ ምስክር አለ፦ የጥበቃው መዝገብ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ታርጋና ሰዓት ይጽፋል፣ ስለ ክፍያ የሚያውቀው ነገር የለም። ገቢ ደረሰኝ የተቆረጠበት ቀን መኪናው በመዝገቡ ከሌለ መጠየቅ ነው። የትዕዛዙ ቀን መኪናው ከገባበት ቀን በኋላ ከሆነም፣ ትዕዛዙ የተጻፈው ኢንቮይሱን ለማስገጠም ነው ማለት ነው።

አገልግሎት ደግሞ ስቶር አይገባም። የትራንስፖርት፣ የጥገና፣ የጥበቃ ክፍያ ገቢ ደረሰኝ የለውም። በምትኩ ሥራውን ያሠራው ክፍል የፈረመበት የሥራ ማረጋገጫ ይያያዛል፤ ሰዓቱ፣ ጉዞው ወይም የተቀየረው ዕቃ ተዘርዝሮ። «ሥራው ተሠርቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ከኢንቮይሱ ጋር የሚመሳከር ነገር ስለሌለው ወደ ክፍሉ ይመለሳል።