ሁለት ስኒ ቀርቦ፦ የትኛው ግጥም ይበልጣል?

ጅማ ውስጥ ግጥም የሚሞክር ጓደኛ አለኝ። ባለፈው የአንድ ዘፈን ስንኝ በሁለት መልክ ጽፎ አመጣልኝ። ውጭ ዝናቡ አላባራም፣ እኛም ቡና ላይ ነበርን።

ቀዳሚው፦
አንቺ ከሄድሽ ወዲህ፣ ልቤ ተሰበረ፤
ቀንና ሌሊቴ በሐዘን ታጠረ።

ሁለተኛው፦
ሁለት ስኒ ቀርቦ፣ አንዱ ሞልቶ ቀረ፤
የቤቴ በረካ ካንቺ ጋር ነበረ።

ከዚያ ቤቱ ሁሉ ዳኛ ሆነ።

«ቤት እስከመታ ድረስ ሁለቱም ያው ናቸው»

ጠረጴዛውን እየመታችሁ ቁጠሩት። ሁለቱም ስድስት ስድስት ምት ናቸው፣ ሁለቱም በ«ረ» ይዘጋሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። «ልቤ ተሰበረ» ስሜቱን ራሱ ነግሮን ጨረሰ፣ ለእኛ የተወልን ነገር የለም። «አንዱ ሞልቶ ቀረ» ግን ስለ ልብ አንድም ቃል አይልም። የቀዘቀዘው ቡና ይታየናል፣ ሐዘኑን እኛ እንጨምርበታለን።

ጓደኛዬ መጀመሪያ «ሁለት የቡና ስኒ ቀርቦ» ብሎ ነበር። ስድስቱ ምት ዘጠኝ ሆነና ዜማው ተንገዳገደ። ስኒ ካሉ ቡናው ገብቷል፤ «የቡና»ን አወጣው።

«ሲዘፈን ያማረው እሱ ይበልጣል»

ጓደኛዬ ቀዳሚውን በክራር አዜመው፣ ሁለተኛውን ከስልኩ አነበበው። ይሄ ፍርድ አይሆንም። ሁለቱንም በአንድ ዜማ፣ በአንድ ፍጥነት፣ አንድ ሰው ይዝፈናቸው። እንደዚያ ስናደርግ አንድ ነገር ተሰማን። መሀል ላይ፣ ዜማው በሚረዝምበት ቦታ፣ ቀዳሚው «ወዲህ» ላይ ይወድቃል። «ህ» ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ድምፅ አይሳብበትም። «ቀርቦ» ግን ክፍት ነው፣ እስከፈለጉት ይጎተታል። በሁለተኛው መስመር ደግሞ የሚረዝመው «በረካ» ነው። ዋናው ቃል ዋናውን ቦታ አገኘ።

«ሰምና ወርቅ ካለው አለቀ»

«በረካ» ሦስተኛው ቡና ነው፣ በረከትም ነው። ጅማ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ እስከ ሦስተኛው ተቀምጦ ለማያውቅ ሰው ግን ወርቁ ይጠፋል፣ ሰሙ ብቻውን መቆም አለበት። እዚህ ይቆማል፤ ሞልቶ የቀረ ስኒ ለማንም ይገባል። ደግሞ ሕዝብ አብሮ የሚያዜመው አዝማች ቢሆን ኖሮ ቀዳሚውን እመርጥ ነበር። አዝማች ላይ ቶሎ የሚያዝ ቃል ነው የሚፈለገው።

«ሁለተኛው ከበለጠ በቃ፣ አይነካም»

እኔን «ነበረ» አልጣመኝም። ነገሩን ያሳውቃል እንጂ አይወጋም። «ካንቺ ጋር አደረ» ብንለውስ አልኩት። ምቱ ያው ነው፣ ቤቱም ይመታል፣ ግን ሌሊቱ አብሮ ይገባል፤ በረከቱ የሆነ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ቤት፣ አድሯል። ጓደኛዬ ዝም አለ። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠና እስክሪብቶ ጠየቀ።