የገበታ ጨው ኤሌክትሮሊሲስ፦ ቀልጦና በውኃ ሟሙቶ

ኤሌክትሮሊሲስ በቀለጠ ወይም በውኃ በሟሟ ውህድ ውስጥ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት በማሳለፍ ውህዱን የመለያየት ዘዴ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ሶዲየምን ለብቻው ያወጣው በዚህ መንገድ ነበር። እዚህ የሚዳሰሰው የገበታ ጨው ነው፤ አሠራሩም በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ በኩል በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚታየው ነው።

ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ይህን ክፍል የምንሠራው በወረቀት ብቻ ነው። በቅልጡ ውስጥ ያሉት ሁለት አዮኖች ብቻ በመሆናቸው ምርቱን መተንበይ አያስቸግርም፤ Na⁺ ወደ አሉታዊው ኤሌክትሮድ ወደ ካቶድ፣ Cl⁻ ደግሞ ወደ አዎንታዊው ወደ አኖድ ይሄዳል።

ካቶድ፦ Na⁺ + e⁻ → Na
አኖድ፦ 2Cl⁻ → Cl₂ + 2e⁻

ጨው በውኃ ሲሟሟ ግን ውኃው ራሱ ተፎካካሪ ይሆናል። ሶዲየም ከሃይድሮጅን ይልቅ ንቁ ስለሆነ አዮኑ በቀላሉ ኤሌክትሮን አይቀበልም፤ በካቶድ በኩል የሚቀበለው ውኃው ነው።

2H₂O + 2e⁻ → H₂ + 2OH⁻

ብዙ መጻሕፍት 2H⁺ + 2e⁻ → H₂ ብለው ይጽፉታል፤ ስህተት ነው ባይባልም እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። የጨው ውኃ አሲድ አይደለም፤ በካቶዱ ዙሪያ የቤዝ አመልካቹ ፌኖልፍታሌን ወደ ሮዝ የሚቀየርበትን ምክንያትም የሚያሳየው ይኸው አጻጻፍ ነው። በሁለቱም ወገን ያለው የኤሌክትሪክ ሙል −2 መሆኑን ማረጋገጥ አይዘንጋ።

አኖዱ የበለጠ ያከራክራል። በኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ሠንጠረዥ ቁጥር ብቻ ከተሄደ ኦክስጅን (1.23 ቮልት) ክሎሪንን (1.36 ቮልት) መቅደም ነበረበት። ሆኖም በካርቦን ላይ ኦክስጅን ለመውጣት ተጨማሪ ቮልቴጅ ስለሚጠይቅ፣ ጨው በበዛበት ውኃ ክሎሪን ያሸንፋል። ውኃው ሲቀጥን ኦክስጅን እየበዛ ይመጣል፤ በመካከል ቁርጥ ያለ ድንበር የለም፣ ሁለቱም ተቀላቅለው ይወጣሉ።

በቤተ ሙከራችን ኤሌክትሮድ የሚሆኑት ካለቁ የባትሪ ድንጋዮች የወጡ የካርቦን ዘንጎች ናቸው፤ ከተገዙት አያንሱም። መስኮት ተከፍቶ፣ ጨው እስኪጠግብ በሟሟበት ውኃ ውስጥ 6 ቮልት ይለቀቃል። በካቶዱ ወዲያው አረፋ ይጎርፋል፤ በአኖዱ የበረኪና ሽታ ይመጣል፣ እርጥብ ሊትመስ ወረቀትም ይነጣል። በእኩልታው መሠረት የሁለቱ ጋዞች መጠን እኩል መሆን ሲገባው የክሎሪኑ ቱቦ ዘግይቶ ይሞላል። እኩልታው አልተሳሳተም፤ ክሎሪን በውኃ ይሟሟል፣ ከካቶድ ከመጣው OH⁻ ጋር ሲገናኝም ወደ በረኪና ይለወጣል።

ዘንግ ጠፍቶ የብረት ሚስማር አኖድ ከተደረገ ትንበያው ሁሉ ይፈርሳል። የክሎሪን ሽታ አይመጣም፤ አረንጓዴ፣ ቆይቶም ቡናማ ዝቃጭ ይታያል፤ ኤሌክትሮን የሚለቀው ሚስማሩ ራሱ ነውና።

Fe → Fe²⁺ + 2e⁻

ስለዚህ ከአዮኖቹ አስቀድሞ አኖዱ ከምን እንደተሠራ መታየት አለበት። በካቶድ በኩል ሚስማር ቢሆን ግን ምርቱ አይለወጥም።