ከውጭ የማይታይ ቅምቅማት፦ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚነግሩኝ ስህተት

«ጠበቅ አድርገሽ ስፊው፣ እንዳይተረተር።»

ደሴ ላይ ልብስ ስሰፋ የዚህን ያህል የሰለቸኝ ንግግር የለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ይላታል። ኧረ በፈጠራችሁ! ቶሎ የሚተረተረው እኮ የጠበቀው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ስፌት ከውጭ የማይታየው መርፌው ከሱሪው ጨርቅ አንድ ክር፣ ቢበዛ ሁለት ብቻ ስለሚያነሳ ነው። ሱፍ ውፍረት አለው። መርፌው ከውፍረቱ መሃል ቆንጠር አድርጎ ይመለሳል እንጂ ወደ ፊቱ አይወጣም። ያንን አንድ ክር ጎትታችሁ ስታጠብቁት ጨርቁ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ክሩ ባይታይም ጉድጓዱ ይታያል፤ ነጥብ ነጥብ እያለ እግሩን ይዞራል። ደግሞ ሰው ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ሱሪ ሲለብስ የእግሩ ጣት እጥፋቱ ውስጥ ይገባበታል። ላላ ያለ ክር ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሄዳል። የተወጠረው ግን ወይ ራሱ ይበጠሳል፣ ወይ ያችን አንዷን የጨርቅ ክር ይበጥሳታል።

ባለፈው ጥር አንዲት እናት የልጇን ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ሱሪ ይዛ መጣች። ሰርግ ነበረበት። እቤቷ ራሷ ቀምቅማዋለች፤ በድርብ ክር፣ ያውም ጥብቅ አድርጋ። «እትዬ፣ ክሩስ አይታይም፤ ግን የሆነ ነገር ያስጠላል» አለችኝ። መስኮት አጠገብ ወስጄ ብርሃን በጎን እንዲመታው ሳደርግ ጉድጓዶቹ ተደርድረው ታዩ። የቀኝ እግሩ ደግሞ ተበጥሶ ግማሽ ዙር ያህል ተንጠልጥሏል። ክሩን በሙሉ ፈታሁት። በጀርባው በኩል እርጥብ ጨርቅ ደርቤ በካውያ እንፋሎት ሰጠሁት። ሱፍ ስለሆነ ጉድጓዱ ለቀቀ።

ከዚያ እንደገና ቀመቀምኩት። እጥፋቱ 4 ሴንቲሜትር ነው፤ ጥሬ ጠርዙ አስቀድሞ ኦቨርሎክ ተደርጓል። በካውያ ተኮስኩትና ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብዬ በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው አያያዝኩት። ቀጥሎ ጠርዙን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ራሴ ገልበጥ አደረግሁት፤ ስፌቱ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። መርፌው ቀጭን፣ ክሩ ከክንድ የማይረዝም። ቋጠሮው እጥፋቱ ላይ ይቀራል። ከቀኝ ወደ ግራ እየሄድኩ ከሱሪው አንድ ክር አነሳለሁ። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አልፌ የተገለበጠውን ጠርዝ ቆንጠር አደርጋለሁ። እንደገና ወደ ሱሪው። ክሩን የምስበው ጨርቁ ላይ እስኪያርፍ ብቻ ነው።

እንዳይተረተር የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። በየ10 ሴንቲሜትሩ እጥፋቱ ላይ ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ እሰፋለሁ። ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ መተርተሩ እዚያ ይቆማል። ሲያልቅ ጠርዙን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። በሁለቱ ጨርቆች መካከል ያለው ክር ትንሽ ላላ ብሎ ካልታያችሁ ጠብቋል፣ ፍቱት።

«ድርብ ክር ነው የሚጠነክረው።»

ለቁልፍ አዎ። እዚህ ጋ ወፍሮ ከውጭ ያብጣል፣ በዚያ ላይ እየተጠማዘዘ ይቋጠራል። ነጠላ ይበቃል።

«ቀለሙ ከገጠመ ማንኛውም ስፌት አይታይም።»

ቀለም ክርን ይደብቃል፣ ጉድጓድን አይደብቅም። በነገራችን ላይ ትክክለኛው ቀለም ከጠፋ ጠቆር የሚለውን ውሰዱ። ነጣ ያለው ብርሃን ላይ ብቅ ይላል።

«በመጨረሻ በደንብ ተጭነሽ ተኩሺው።»

ታችኛው እጥፋት ላይ ብቻ! ካውያውን ላይኛው ጠርዝ ላይ ከተጫናችሁት የኦቨርሎኩ መስመር በፊቱ በኩል እንደ ጠባሳ ይወጣል። ያ ሁሉ ድካም ለዚህ?

«እንደዚያ የሱፍ ሱሪ አድርገሽ ይሄንንም ስሪልኝ።»

ይሄን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ የእኛ ብርድ ሱፍ ያስለብሳል፣ የእነሱ ሙቀት ስስ ጨርቅ። ስስ ሽፎን ግን መርፌው የሚደበቅበት ውፍረት የለውም። አንድ ክር ብታነሱም በፊቱ በኩል ይታያል፣ ሰፊው እጥፋትም ራሱ ከውጭ ይታያል። ለእሱ ጠርዙን ከግማሽ ሴንቲሜትር በታች አድርጎ ሁለት ጊዜ መጠቅለልና በጥቅልሉ ውስጥ ውስጡን መስፋት ይሻላል። ጂንስ ከሆነ ደግሞ በእጅ አትልፉ። የጂንስ ጠርዝ ስፌቱ እንዲታይ ተብሎ የሚሰፋ ነው፤ በመኪና ጨርሱት።