ማንንም የማይወቅስ የቅማል ማሳሰቢያ ምንድን ነው?

ክፍል ውስጥ የራስ ቅማል ሲገኝ ለሁሉም ወላጆች የምትላክ አጭር መልእክት አለች። ሥራዋ ሁለት ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ሰሞን የልጁን ፀጉር እንዲያይ ታደርጋለች፤ ቅማል የተገኘበት ልጅ ላይም ጣት እንዳይቀሰር ትከላከላለች። ሁለተኛው ካልተሳካ የመጀመሪያውም አይሳካም። ያፈረ ቤተሰብ ቢያገኝም አይናገርም።

ብዙ ጊዜ የሚላከው ግን እንዲህ ያለ ነው፦

«አንዲት ተማሪ ላይ ቅማል ስለተገኘ፣ ወላጆች የልጆቻችሁን ንጽሕና እንድትጠብቁ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ስም አልተጠራም፤ ግን ያው ነው። «አንዲት» ሲባል ወንዶቹ በሙሉ ነፃ ወጡ። ዛሬ የቀረችው ማን ናት ተብሎ ከተጠየቀ ነገሩ አለቀ። «ንጽሕና» የሚለው ደግሞ ፍርድ ነው፤ ልጁን የማያጥብ ቤት አለ እንደማለት።

ፍርዱ ስህተትም ነው። ቅማል የሚኖረው ደም እየመጠጠ ስለሆነ ፀጉሩ ቢታጠብም ባይታጠብም ግድ የለውም። አይበርም፣ አይዘልም፤ የሚሄደው እየዳኸ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው የሚተላለፈው ራስ ከራስ ሲነካካ ነው። ልጆች ደግሞ ተጠጋግተው አንድ ደብተር ላይ ያጎነብሳሉ፣ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከራስ ላይ የወደቀ ቅማል ምግብ ስለሚያጣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ወንበርና ግድግዳ መፋቅ ድካም ነው።

«ማን አመጣው?» የሚለውም ጥያቄ መልስ የለውም። ማሳከኩ የሚመጣው ቆዳ የቅማሉን ምራቅ መቆጣት ሲጀምር ነው። ቅማል ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ልጅ እስኪያሳክከው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ዛሬ ራሷን ስታክ የታየች ልጅ ቅማሉ የያዛት ምናልባት ከወር በፊት ነው። በዚያ ወር ውስጥ ከስንቱ ጋር ራስ ለራስ ተነካክታለች? እሷን ያስያዛት ልጅም ገና ሳያሳክከው አጠገቧ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተገኘባት ማለት መጀመሪያ በደንብ የታየች ማለት ብቻ ነው።

ይህን ይዘን መልእክቷን እንደገና እንጻፋት፦

«ውድ ወላጆች፣ በክፍላችን የራስ ቅማል ታይቷል። ይህ በልጆች መካከል የተለመደ ነው፤ ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም። ከማን እንደጀመረ ማወቅ አይቻልም፤ እኛም አንጠይቅም። ዛሬ ማታ የሁሉንም ልጆችዎን ፀጉር ይዩልን። ካገኙ ይንገሩን፤ በእኛና በእርስዎ መካከል ይቀራል።»

«በክፍላችን ታይቷል» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ሦስት አይታወቅም። «ዛሬ ማታ» መባሉም ጥሩ ነው፤ ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ይረሳል።

ከዚህ በታች እንዴት እንደሚታይ በሁለት ሦስት መስመር ይጨመራል። ፀጉሩን ማርጠብ፣ ኮንዲሽነር መቀባት፣ ከዚያ ጥርሱ በጣም በተቀራረበ ማበጠሪያ ከሥሩ ጀምሮ መሳብ፤ በየስበቱ ማበጠሪያውን ነጭ ሶፍት ላይ መጥረግ። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ቅጫሙ የሚበዛው እዚያ ነው። ፎረፎር በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ቅጫም ግን ፀጉሩ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ቅማል ከተገኘ መድኃኒቱን ፋርማሲስት ይመርጣል። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን መቀባት ልጅን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ይህንን በግልጽ መከልከል ይሻላል።

ጽሑፉ ብቻውን ግን አይበቃም። ቅማል የተገኘበት ልጅ ቤተሰብ ከሌሎቹ በፊት በስልክ ይነገረው፤ ከዚያ እንደማንኛውም ቤት ያው መልእክት ይድረሰው። እነሱ ብቻ ካልደረሳቸው ነገሩ በዚያው ይታወቃል። ልጁንም ከትምህርት መሀል ጠርቶ ወደ ቤት መስደድ መልእክቷን ከንቱ ያደርጋታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በቅማል ምክንያት ልጅ ከትምህርት መቅረት የለበትም ይላል። ቀኑን ጨርሶ ይሂድ፣ ማታ ይታከም፣ በማግስቱ ይምጣ።

ሁለተኛ መልእክትም አለች፤ ብዙዎች የሚረሷት እሷን ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዛሬ ንጹሕ የመሰለ ፀጉር በሳምንቱ እንደገና መታየት አለበት። እዚህ ላይ «ቅማሉ ከክፍላችን ጠፍቷል» ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ ትምህርት ቤቱ ይህን በምን ያውቃል? «ባለፈው ያያችሁም ያላያችሁም፣ ዛሬ ማታ አንዴ ደግማችሁ እዩልን» ማለት ይበቃል።