ገመድና ሽቦ፦ የፓይለቱ ትእዛዝ እንዴት ክንፉ ጋ ይደርሳል?

ከመስቀል አደባባይ ቀና ሲሉ ወደ ቦሌ የሚያመሩ አውሮፕላኖች ይታያሉ። አንዱ ቦይንግ 737፣ ሌላው ኤርባስ ኤ350 ሊሆን ይችላል። ከታች ሲታዩ ያው ናቸው። ፓይለቱ መሪውን ሲስብ ግን ውስጣቸው የሚሆነው ነገር ለየቅል ነው።

737 ላይ ከመሪው የተነሳ የብረት ገመድ በመዘውሮች ላይ እየዞረ እስከ ጭራው ይዘልቃል። እዚያ የሃይድሮሊክ ጉልበት ያግዘዋል። ሃይድሮሊኩ ቢጠፋ እንኳ ፓይለቱ በክንዱ ይታገላል። ገመዱ የራሱ ጣጣ አለው። ከፍታ ላይ ብርዱ ሲበረታ የአሉሚኒየሙ አካል ከብረት ገመዱ የበለጠ ይኮማተራል፣ ገመዱም ይላላል። ስለዚህ ውጥረቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ይገጠምለታል።

ኤ350 ላይ ገመድ የለም፤ ትእዛዙ የሚያልፈው በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ፓይለቱ በጎኑ ያለችውን ትንሽ እጀታ ሲስብ «አፍንጫውን ይህን ያህል አንሳ» ብሎ ኮምፒውተሩን መጠየቁ ነው። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱንና ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራውን አንግል አይቶ ጭራውን ያዛል። ይህን አሠራር በዲጂታል መልክ ወደ መንገደኛ አውሮፕላን ያመጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኤ320 ነው።

ጥበቃውም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ፓይለት ፍጥነት ቀንሶ ሳለ ደንግጦ እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበው እንበል። ገመድ ያለው አውሮፕላን መሪውን አንቀጥቅጦ ያስጠነቅቀዋል፤ እሱ መሳቡን ከቀጠለ ግን ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተውና አውሮፕላኑ ይወድቃል። ስቶል የሚባለው ይህ ነው። ኤርባሱ ግን ክንፉን ከስቶሉ በፊት ባለ አንግል ላይ ይገድበዋል፤ ሞተሮቹንም ራሱ ወደ ሙሉ ጉልበት ይወስዳል። ወደ ጎን ማዘንበልም ከ67 ዲግሪ አያልፍም። እጀታው ከተለቀቀ አውሮፕላኑ ወደ 33 ዲግሪ ይመለሳል። ቦይንግ 777 ደግሞ በሽቦ ቢታዘዝም መሪውን ያከብድበታል እንጂ አይከለክለውም። ፓይለቱ ከገፋበት ያልፋል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ከቦሌ ተነስቶ የተከሰከሰውን 737 ማክስ ብዙዎች ከዚህ ጋር ያምታቱታል። ማክስ ዋናዎቹ መሪዎቹ በገመድ የሚሠሩ አውሮፕላን ነው። አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሲስተም በላዩ የተደረበ ነበር፤ የሚያምነውም አንድ የአንግል ሴንሰር ብቻ ነበር።

ለነገሩ የኤርባስም ጥበቃ ያለ ትክክለኛ መረጃ ዋጋ የለውም። ሰኔ 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በአትላንቲክ ላይ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎች በበረዶ ተደፈኑ። ንባቦቹ አልጣጣም ሲሉ ኮምፒውተሮቹ ስቶልን የሚከለክለውን ጥበቃ ለቀቁ። ቱቦዎቹ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቢከፈቱም ጥበቃው አልተመለሰም። አብራሪው አፍንጫውን ወደ ላይ መሳቡን ቀጠለ፤ አውሮፕላኑ ስቶል ውስጥ ገብቶ 228 ሰው አለቀ። ጥበቃው ሲለቀቅ ፓይለቱ ማወቂያ አለው፦ ስክሪኑ ላይ `ALTN LAW (PROT LOST)` የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ የጥበቃውን ወሰን የሚያሳዩት አረንጓዴ ምልክቶችም ወደ ብርቱካናማ ኤክስ ይለወጣሉ።