ቨርቹዋል ማሽኖች ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ሲጋሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ለአንድ ማሽን 8 ቪሲፒዩ ከሰጠሁት 8 ኮር የእሱ ብቻ ነው»

አይደለም። ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው በሊኑክስ ኬቪኤም እያንዳንዱ ቪሲፒዩ፣ ማለትም ማሽኑ እንደ ፕሮሰሰር የሚያየው፣ እንደ ሌላው ፕሮግራም ተራውን የሚጠብቅ ትሬድ ነው። ሥራ የሌለው ማሽን ኮር ስለማይዝ፣ 32 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ 96 ቪሲፒዩ ማደል ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ኦቨርኮሚት የሚባለው ይኸው ካለው በላይ ማደል ነው። የሚከብደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሱ ነው፤ ለምሳሌ ባክአፑ በሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከተቀጠረ። በማሽኑ ውስጥ `top` ከፍተው ኮር ሲጠብቅ ያለፈበትን ጊዜ የሚያሳየውን `st` ይመልከቱ፦ ከ5 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ወረፋው በዝቷል። መጀመሪያ የባክአፑን ሰዓት ያራርቁ፣ ከዚያ ያለ ሥራ የተሰጡ ቪሲፒዩዎችን ይቀንሱ።

«ሃይፐርትሬዲንግ ስላለው 64 ኮር አለኝ»

ዕቅድዎን በ32 ያውጡ። ሃይፐርትሬዲንግ አንዱን ኮር እንደ ሁለት ያሳያል፤ ሁለቱ ግን የአንዱን ኮር ክፍሎች ስለሚሻሙ ጭማሪው ከእጥፍ በእጅጉ ያነሰ ነው።

«ሜሞሪም እንደ ፕሮሰሰሩ በሦስት እጥፍ ይታደላል»

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ኮር በሚሊሰከንዶች ውስጥ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ሜሞሪ ግን ዳታ ስለያዘ ከመውሰድዎ በፊት ዳታው የሚሄድበት ቦታ ያስፈልጋል።

256 ጊጋባይት ካለው ሰርቨር 16ቱን ለራሱ ብንተው 240 ይቀራል። ለ20 ማሽኖች 16፣ 16 ሰጠን እንበል፦ 320። መጀመሪያ እያንዳንዱ 9 ቢጠቀም ድምሩ 180 ነው፤ የተረፈ ይመስላል። ይሁንና ማሽኑ ባዶውን ሜሞሪ የፋይል መሸጎጫ ያደርገዋል፣ አንዴ የነካውንም ቢለቀው ሰርቨሩ በራሱ አያውቅም። እያንዳንዱ ቀስ በቀስ 14 ሲደርስ 280 ይሆናል፣ 40 ይጎድላል።

ባሉን የተባለው ድራይቨር ከማሽኖቹ የተወሰነ ያስመልሳል፤ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ፕሮክስሞክስ ይህን የሚጀምረው የሰርቨሩ ሜሞሪ 80 በመቶ ገደማ ሲሞላ ነው። ያ ካልበቃ ሰርቨሩ ስዋፕ ያደርጋል፣ ማለትም የሜሞሪውን ዳታ ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ኤስኤስዲ እንኳ ከሜሞሪ በሺህ እጥፍ ገደማ ይዘገያል። ስዋፑም ካለቀ ከርነሉ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ ይገድላል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ማሽን ነው። በማሽኑ ሎግ ላይ መብራት የጠፋ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ አይጻፍም። የሚገኘው በሰርቨሩ ላይ ነው፦

```
dmesg -T | grep -i "killed process"
```

«70 በመቶ ብቻ ነው የተያዘው፣ ገና ቦታ አለ»

እንዲህ ያሉ ሦስት ሰርቨሮች ለማሽኖች የሚሰጡት 240፣ 240፣ በድምሩ 720 ጊጋባይት አላቸው፤ 70 በመቶው 504 ነው። አንዱ ሲወድቅ ማሽኖቹ ወደ ሁለቱ መዛወር አለባቸው፤ የሚቀረው 480 ስለሆነ 24 ጊጋባይት የሚፈልጉ ማሽኖች ማረፊያ ያጣሉ። ጣሪያው እንግዲህ 66 በመቶ ነው፣ እሱም በአማካይ ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ተለክቶ። ዳታቤዝ የያዙትን ማሽኖች ከኦቨርኮሚቱ ያውጧቸው፦ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሜሞሪ እኩል አድርገው የተሰጣቸውን በሙሉ እንደተያዘ ይቁጠሩት።