ዓይን ቢጫ ሳያደርግ የሚቀመጠው የጉበት ቫይረስ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የጉበት ሕመም ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው የወፍ በሽታ ነው። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ሄፓታይተስ ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል አያልፍም። ከተያዙት መቶ ሰዎች 70 ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ይቀራሉ፣ ብዙዎቹም አንድም ቀን ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ አያውቅም።

ደብረ ብርሃን ላይ ደም ሊለግስ የሄደ የ45 ዓመት ሹፌር አለ እንበል። ከቀናት በኋላ ተጠርቶ ደሙ ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት እንደተገኘ ይነገረዋል። "እኔ እኮ ጉበቴን አሞኝ አያውቅም" ይላል። እውነቱን ነው። ጉበት ውስጡ ሕመም የሚያሰማ ነርቭ የለውም፣ ሕመም የሚሰማው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። ደግሞ ብዙ ትርፍ አቅም ስላለው፣ ከፊሉ ተጎድቶም ቀሪው ሥራውን ይሸፍናል። ቫይረሱ ራሱም የጉበት ሕዋስን ወዲያው አይገድልም፤ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የተያዙትን ሕዋሳት ቀስ እያለ ሲያጠቃና ቦታው ላይ ጠባሳ ሲተው ነው። ጠባሳው ጉበቱን እስኪያጨማድድ 20 እና 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አረቄ የሚያዘወትር ሰው ግን ያን ያህል ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

መከላከያው ታዲያ ለምን አያጠፋውም? ቫይረሱ የዘር መልእክቱን የሚገለብጥበት ኢንዛይም ስህተቱን አያርምም። በቀን ወደ ትሪሊዮን የሚጠጋ ቫይረስ ይሠራል፣ ከዚያ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ትንሽ ትንሽ የተለወጠ ነው። ሰውነት አንዱን መልክ ለይቶ መምታት ሲጀምር ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። በዚህ ላይ ከቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱ ሕዋሱ ውስጥ "ተወረርን" የሚለውን የማንቂያ መስመር ይቆርጠዋል። ከወራት በኋላ የሚዋጉት ነጭ ሕዋሳት ይዝላሉ። በስድስት ወር ውስጥ ያልጠፋ ቫይረስ በራሱ የመጥፋት ዕድሉ ትንሽ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሄፓታይተስ ሲ መደበቂያ የለውም። ኤችአይቪ የራሱን መልእክት ከሰው ዲኤንኤ ጋር ይቀላቅላል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ሲ ሁልጊዜ ከኒውክለሱ ውጪ ነው፣ የሚኖረውም ያለማቋረጥ ራሱን እየገለበጠ ብቻ ነው። ግልበጣው ለጥቂት ሳምንታት ከቆመ የሚቀጥል ዘር አይኖርም።

የአሁኖቹ እንክብሎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሶፎስቡቪር የቫይረሱን የዘር ፊደል አስመስሎ ይገባል፣ ገልባጩ ኢንዛይም እውነተኛ መስሎት ሲያስገባው ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። ዳክላታስቪር ደግሞ ለግልበጣውና ለመገጣጠሙ የሚያስፈልግ ሌላ ፕሮቲን ያግዳል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሰጡት ከአንዱ ያመለጠውን የቫይረስ መልክ ሌላው እንዲይዘው ነው። የድሮው ሕክምና አንድ ዓመት የሚጠጋ የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር። ትኩሳቱና ድብርቱ ከባድ ነበር፣ የሚድነውም ግማሽ ያህል ሰው ነበር።

ወደ ሹፌሩ እንመለስ። የመጀመሪያው ምርመራ ያሳየው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ቫይረሱ አንድ ቀን እንደገባ እንጂ አሁን እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚቆጥረው ቫይራል ሎድ ይሠራለታል፣ ቁጥሩም ከፍ ብሎ ተገኘ እንበል። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ይኑርበት አይኑርበት መታየት አለበት። ሁለቱ አብረው ካሉ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሣ ይችላል፣ በጣም ብርቱ ሆኖም ሊመጣ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲንም የእንክብሎቹን ኃይል ስለሚቀንስ አብሮ አይሄድም። ሹፌሩ ሁለቱም የሉበትም፣ ጉበቱም ገና አልተጨማደደም። ስለዚህ 400 ሚሊግራም ሶፎስቡቪርና 60 ሚሊግራም ዳክላታስቪር በቀን አንዴ ለ12 ሳምንት ይወስዳል። ትንሽ ራስ ምታት፣ ትንሽ ድካም፣ በቃ።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ወዲያው "ዳንኩ" አይባልም። ሌላ 12 ሳምንት ተጠብቆ ቫይራል ሎድ ይደገማል። ያኔ ምንም ካልተገኘ ቫይረሱ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆኑት እዚህ ይደርሳሉ። ጉበቱ አስቀድሞ የተጨማደደ ሰው ቢሆን ግን ጠባሳው ከቫይረሱ ጋር አይጠፋም፣ የካንሰር ስጋቱም ስለሚቀር በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። የዳነ ሰው ለሁለተኛ ጊዜም ሊያዝ ይችላል፣ በጋራ ምላጭ ወይም በደንብ ባልተቀቀለ የጥርስ መንቀያ ደም ከነካው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሹፌሩ ለውጭ አገር ሥራ ምርመራ ይሄዳል። ያው የፈጣን ምርመራ ይሠራለታል፣ "ፖዘቲቭ" ይባላል። ይደነግጣል፣ ቤተሰቡም ይደነግጣል። ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ከዳነም በኋላ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ከዚህ ድንጋጤ የሚያድነው ያ የመጨረሻው የቫይራል ሎድ ወረቀት ነው፤ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል።